አጎበራችንን የገደልነው በሳፋ ውስጥ ነው

በጁባ አንድ ግቢ ተከራይተን የምንኖር አምስት ነጋዴ ሴቶች ነን። ዕቃችን ከካምፓላ ተነስቶ በኒሙሌ በኩል ይገባል፤ ሳምንቱን ሙሉ ሱቅ ነን፤ እሑድ ደግሞ ሳፋ እንደረድራለን። አንሶላው፣ ነጠላው፣ የልጆቹ ልብስ፣ አጎበሩም ሳይቀር በኦሞ ይዘፈዘፋል፤ ነጭ ከሆነ በረኪና ጠብ ይደረግበታል፤ ከዚያ አሽተን አሽተን ቆርቆሮ አጥሩ ላይ ዘርግተን ፀሐይ እናስመታዋለን። ማታ ሲሰቀል የሙሽራ ቬሎ ይመስላል። በዚያው የዝናብ ወቅት ግን ከአምስታችን አራታችን በወባ ወደቅን፤ አንዷ እንዲያውም ሁለት ጊዜ።

ደማችንን የመረመረው ባለሙያ አጎበር እንዳለን ጠየቀን። አለን አልነው። በስንት ጊዜ እንደምናጥበው ሲጠይቀን ኮራ ብለን “በየሳምንቱ” አልን። “እንግዲያው አጎበር የላችሁም፤ ያላችሁ መጋረጃ ነው” አለን። ያን ቀን ተቀየምነው። አሁን ግን ትክክል እንደነበረ እናምናለን፤ እዚህም የምንጽፈው ብዙ ወገኖቻችን፣ በተለይ ከደጋ የመጣን ሰዎች፣ ያንኑ ስህተት ስንሠራ ስለምናይ ነው። ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው በወባ አገር እንዳደገ ሰው የተለማመደ ሰውነት የለውም፤ ሲይዘው ቶሎ ይጠናበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኬሚካል የተነከረ አጎበር ትንኟን አግዶ ብቻ አያቆምም፤ ስታርፍበት ይገድላታል። ኬሚካሉ በክሩ ውስጥ ወይም በክሩ ሽፋን ላይ በብዛት ተይዟል፤ ትንኟን የሚገድለው ግን ከላይ ፊቱ ላይ ያለው ጥቂቱ ነው። ሲታጠብ የላዩ ይሄዳል፤ ከዚያ ከውስጥ ያለው ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣና ይተካዋል። ይህ በአንዳንዱ አጎበር በአንድ ቀን ያልቃል፤ በሌላው አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ በየሳምንቱ የሚታጠብ አጎበር አንዳንዴ ሳይሞላ እንደገና ይራቆታል።

እኛ ነጋዴዎች ስለሆንን በሂሳብ እንየው። እነዚህ አጎበሮች በላቦራቶሪ ሲፈተኑ 20 ጊዜ ታጥበው እንዲሠሩ፣ በቤት አገልግሎት ደግሞ ሦስት ዓመት ገደማ እንዲቆዩ ተብለው ነው የሚሠሩት። በየእሑዱ ካጠብነው 20ኛው እጥበት አምስት ወር ሳይሞላ ይደርሳል። በየሦስት ወሩ ካጠብነው ግን በዓመት አራት፣ በሦስት ዓመት 12 ጊዜ ብቻ ነው፤ አጎበሩ በእርጅና ተቀዶ እስኪጣል ድረስ መድኃኒቱ ገና ይተርፈዋል። የሦስት ዓመት ንብረት በአምስት ወር ውስጥ ከመዝገብ ሰረዝን ማለት ነው። ይህም በለስላሳ ሳሙና ለሚያጥብ ሰው ነው። በረኪናና የዱቄት ሳሙና ኬሚካሉን ከዚያ ቀድመው ያበላሹታል፤ የሚያቃጥለው ፀሐይም እንዲሁ። እኛ ሦስቱንም በአንድ ቀን እናደርግ ነበር።

አሁን የምናጥበው እንዲህ ነው። ለአንድ አጎበር አንድ ሳፋ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ደረቅ የልብስ ሳሙና ወይም የገላ ሳሙና። ሳሙናውን ውኃው ውስጥ አሟሙተን አጎበሩን እየነከርን በእጅ ቀስ እያልን እንጫነዋለን እንጂ እርስ በርሱ አናሸውም፤ ድንጋይ ላይ አንመታውም፤ ዘፍዝፈነውም አናድርም። በንጹሕ ውኃ ሁለት ሦስት ጊዜ አለቅልቀን ሳንጠመዝዝ እናንጠባጥበውና ጥላ ውስጥ እናሰጣዋለን። የጁባ ሙቀት ፀሐይ ሳይነካውም ያደርቀዋል። እጣቢውን መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ወይም ከውኃ ራቅ ባለ መሬት ላይ እናፈሳለን። ወንዝ ዳር ወርደው የሚያጥቡ እህቶች አሉ፤ ይህ ኬሚካል ለሰው የሚያሰጋ ባይሆንም ዓሣን ይገድላል፤ የምንበላው ዓሣ ደግሞ ከዚያው ከነጭ ዓባይ የሚወጣ ነው።

ይህን ስንናገር ሁልጊዜ የሚገጥመን መልስ “ታዲያ በቆሻሻ ውስጥ ተኙ ልትሉን ነው?” የሚል ነው። አንዷ ጓደኛችን እናቷ ለጥየቃ መጥተው አጎበሩን ሲያዩ “ልጄ፣ እንዲህ ተዝረክርከሽ ነው የምትኖሪው?” ብለዋታል። እኛ የምንለው፣ አንሶላውንና የትራስ ልብሱን በየሳምንቱ እጠቡ፤ ሰውነት የሚነካው እሱ ነው። አጎበሩ በአቧራ ትንሽ ቢጠይም መሥራቱን አያቆምም። እንዲያውም ለመጀመሪያው ጊዜ ስንገዛ ነጩን ትተን ሰማያዊውን ወይም አረንጓዴውን ብንመርጥ ይህ ሁሉ ሐሜት ባልነበረ። ቀለሙ መድኃኒቱን አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ ግን እጃችን ወደ በረኪናው እንዳይሄድ ያደርጋል።

ስለ መግዛት ካነሳን፣ ገበያ ላይ የሚሰቀለው ሁሉ የተነከረ አይደለም። ከላይ በቀለበት ተይዞ እንደ ድንኳን የሚወርደው፣ ዳንቴል ያለው ቆንጆ አጎበር ብዙ ጊዜ ተራ ጨርቅ ነው። በመንካት፣ በማሽተት ወይም በቀለም መለየት አይቻልም። መለያው ጠርዙ ላይ የተሰፋው ጽሑፍ ነው፤ ዴልታሜትሪን፣ ፐርሜትሪን ወይም አልፋ ሳይፐርሜትሪን የሚል የኬሚካል ስም፣ መጠኑና የተሠራበት ጊዜ ሊኖርበት ይገባል። ጽሑፉ ከሌለው እንደ ተራ ጨርቅ ቁጠሩትና በዚያው ዋጋ ተደራደሩ። ተራው አጎበር ምንም አይጠቅምም ማለታችን አይደለም፤ ግን አንድ ቀዳዳ ካገኘች ትንኟ ገብታ ጠግባ ታድራለች። የተነከረው ትንሽ ቢቀደድም መግቢያውን ስትፈልግ እላዩ ላይ ስለምታርፍ የመሞት ዕድሏ ሰፊ ነው። እኛም ነጋዴ ነንና፣ ማሸጊያውን ቀድደው ጽሑፉን ቆርጠው የሚሸጡ የሙያ ባልደረቦቻችንን እንወቅሳለን። ገዢው ለምን እንደሚከፍል የማወቅ መብት አለው።

አዲሱን ከማሸጊያው ስታወጡ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ ሰቅላችሁ ንፋስ አስመቱት። ይህን ሳናደርግ የተኛንበት ሌሊት ፊታችንን ሲለበልበን፣ አንዷ “መርዝ ነው” ብላ አውጥታ ልትጥለው ነበር። ማቃጠሉ አደጋ የለውም፤ በቀናት ውስጥ ይጠፋል።

አሁን ወደ አሰቃቀሉ፤ እዚህ ላይም ተሸውደናል። የአጎበራችን ቁመት 150 ሳንቲ ሜትር ነው። ክፍላችን ኮርኒስ ስለሌለው ገመዱን ከጣሪያው እንጨት ጋር፣ ከወለል 230 ሳንቲ ሜትር ላይ አስረነው ነበር። ከ230 ላይ 150 ሲቀነስ 80 ይቀራል፤ የአልጋው ከፍታ ከነፍራሹ 60 ነው። ጠርዙ ከፍራሹ በላይ 20 ሳንቲ ሜትር ተንጠልጥሎ ሌሊቱን ሙሉ በሩን ከፍተን እንተኛ ነበር ማለት ነው! ልኩ ቀላል ነው፦ ፍራሹ ሥር የሚወተፍ 30 ሳንቲ ሜትር ትታችሁ የቀረውን 120 ከፍራሹ ከፍታ ጋር ደምሩ። የእኛ 60 ሲደመር 120፣ ማለትም ከወለል 180 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው የሚታሰረው። ጣሪያው ከፍ ካለ ገመዱን አስረዝሙት። ወለል ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ፍራሽ አንጥፎ ለሚተኛ ልጅ ደግሞ 130 ላይ ይታሰራል።

ርዝመቱንም ሳትለኩ አትግዙ። ብዙው አጎበር በአንድ ጎኑ 180 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ፍራሻችሁ 190 ከሆነና ያን ጎን በቁመት ካዋላችሁት እግርጌው ተወጥሮ ከፍራሹ ሥር ይወጣል። የተወጠረ አጎበር ሰውነት ላይ ይለጠፋል፤ ትንኝ ደግሞ በክሩ መካከል አሳልፋ ትነክሳለች። ክንዳችሁ ወይም ጉልበታችሁ አጎበሩን ተደግፎ ካደረ፣ እዚያው ቦታ ላይ ተነክሳችሁ ታገኙታላችሁ።

በሙቀቱ ወራት ብዙዎቻችን አልጋ ወደ ግቢው አውጥተን እንተኛለን። ያኔ አጎበሩን ቤት ትቶ መውጣት ከሁሉ የከፋ ነው። አራት ረጃጅም እንጨት በአልጋው እግሮች ላይ አስረን እንሰቅለዋለን፤ ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ወደ ቤት እናስገባዋለን። ይህችን ማስገባት የረሳ ሰው አጎበሩን ቀን ሙሉ ፀሐይ ያስበላዋል። ቤት ውስጥ ያለውም ቀን ቀን ወደ ላይ ተጠቅልሎ ቢታሰር ከአልጋው ብረት ጥግ፣ ከልጆችና ከሻማ ይተርፋል። ቀዳዳ ካያችሁ በዚያው ቀን በመርፌና በክር ያዙት፤ አውራ ጣት የምታስገባዋ በሳምንት ውስጥ ጡጫ ታስገባለች።

አንድ ነገር ግን ሳንሸሽግ እንናገር። በትክክል የተሰቀለና በትክክል የታጠበ አጎበር ውስጥም ጠዋት ደም የጠጣች ሕያው ትንኝ ልትገኝ ትችላለች። በመጀመሪያ ቀዳዳና ያልተወተፈ ጠርዝ ፈልጉ። ይህ ከሌለና አጎበሩ ገና አዲስ ከሆነ፣ ትንኞቹ የተለመደውን ኬሚካል ለምደውት ሊሆን ይችላል፤ ይህ በአፍሪካ ብዙ ቦታ የታወቀ ነው። ለዚህ ተብሎ ፒ.ቢ.ኦ የተጨመረባቸው፣ ወይም ክሎርፌናፒር የሚባል ሁለተኛ ኬሚካል ያላቸው አጎበሮች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የክሎርፌናፒሩን ዓይነት እንዲሠራበት የመከረው በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከካምፓላ ዕቃ የምታመጡ፣ አጎበር ስትጭኑ ጽሑፉ ላይ እነዚህን ስሞች ፈልጉ። ዋጋው ከፍ ይላል፤ እኛ ግን ለራሳችን አልጋ የምንከፍለው ለእሱ ነው። ደግሞም አጎበር የሚጠብቀው ውስጡ ያለውን ብቻ ነው፤ ማታ ሱቅ በር ላይ ቡና ስንጠጣ የነከሰችንን አይመልስም። ትኩሳት ከመጣ “እኔ እኮ አጎበር ውስጥ ነው የምተኛው” ብሎ መዘግየት አይገባም፤ በዚያው ቀን ደም ማስመርመር ነው።

በግቢያችን አሁን እያንዳንዱ አጎበር ጠርዝ ላይ የተገዛበትና የታጠበበት ቀን በማይጠፋ እስክሪብቶ ይጻፋል። የመጀመሪያዎቹን አምስት በበረኪና የታጠቡትን ለምን እንደምናውላቸው ተከራክረን፣ ሦስቱ ለቲማቲም ችግኝ አጥር ሆነዋል። ሁለቱን ባለቤቶቻቸው እንደ መስኮት መጋረጃ ሰቅለዋቸዋል፤ አሁንም በየእሑዱ ያጥቧቸዋል።