ለተሰነጠቀ ከንፈር ብዙ ቅባት አያስፈልግም

ጥቅምት ገብቶ ዝናቡ ሲያቆም በአርሲ ደጋማ አካባቢዎች ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ደረቅ ነፋስና ጠንካራ ፀሐይ ይሆናል። በጎበሳም ሆነ በአሰላ ገብስና ስንዴ በሚታጨድበት በዚህ ወቅት የከንፈር መድረቅና የአፍ ዙሪያ መቅላት የብዙ ቤት ችግር ነው። ብዙዎቻችን ብርዱን ስንወቅስ እንሰማለን። ብርዱ ችግሩን ይጀምረዋል፤ እንዳይድን የሚያደርገው ግን አብዛኛውን ጊዜ እኛው በላዩ ላይ የምናደርገው ነገር ነው።

ቀዩ የከንፈር ክፍል ቆዳው በጣም ስስ ነው። እንደ ሌላው ቆዳ የሚያወዛው በቂ ቅባት አያመነጭም። ስለዚህ ሲደርቅ በምላስ ማራስ ያምረናል። ምራቁ ለአፍታ ያለሰልሳል፤ ነገር ግን በነፋስ ሲተን የከንፈሩን እርጥበት ይዞ ይሄዳል። በምራቅ ውስጥ ምግብ ለመፍጨት የተፈጠሩ ንጥረ ነገሮችም አሉ፤ እነዚህ የተሰነጠቀውን ቆዳ ይቆጠቁጡታል። በዚህ ምክንያት በላስነው ቁጥር የበለጠ ይደርቃል፣ በደረቀ ቁጥርም እንልሰዋለን።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በጠዋቱ ውርጭ ትምህርት ቤት የሚሄድ የ8 ዓመት ልጅ ከንፈሩን እየላሰ ይውላል እንበል። ከሳምንት በኋላ በአፉ ዙሪያ ቀይ ቀለበት ይወጣል። ቀለበቱ ምላሱ የሚደርስበት ቦታ ላይ ያበቃል፤ መንስኤው ልሰት መሆኑን የሚያሳየውም ይህ ነው። እናቱ ጭርት መስሏት ከመድኃኒት መደብር ለማሳከክ የሚሸጥ ቅባት ትገዛለች። በ3ኛው ቀን ቅላቱ ይጠፋል፤ ቅባቱ ሲቆም ግን ይመለሳል። እንደገና ትቀባዋለች። ከሳምንታት በኋላ በአፉና በአፍንጫው ዙሪያ ጥቃቅን ቀያይ ሽፍታዎች ይታያሉ፤ ከከንፈሩ ጠርዝ አጠገብ ያለው ቀጭን መስመር ግን ንጹህ ይሆናል። ይህ የልሰቱ ቀለበት አይደለም፤ ቅባቱ ያመጣው ሌላ ሕመም ነው።

ጥፋቱ ያለው ቅባቱ ውስጥ ባለው ስቴሮይድ ነው። ቤታሜታሶንና ክሎቤታሶል የሚባሉት ጠንካራ ስቴሮይዶች ናቸው። ቅላትን ቶሎ ስለሚያጠፉ የፈወሱ ይመስላሉ፤ የፊትን ቆዳ ግን ያሳሳሉ። እነዚህን ቅባቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለአፍ ዙሪያ መሸጥም ሆነ መግዛት ሊቆም ይገባል ብዬ አምናለሁ። አስቀድሞ የተጠቀመ ሰው ሲያቆም ሽፍታው ለጥቂት ቀናት ወይም ለሳምንታት ሊብስ ይችላል። ያኔ ወደ ቅባቱ ከመመለስ ይልቅ የጤና ባለሙያ ማማከር ይሻላል።

ታዲያ የሚረዳው ምንድን ነው? ሽታና ቀለም የሌለው ተራ ቫዝሊን በቂ ነው። ፊትን በለብ ያለ ውኃ ታጥበው ሳይደርቅ የምስር ፍሬ የምታህል ቫዝሊን በከንፈሩና በቀላው ዙሪያ በስሱ ይቀቡ። ከቤት ሲወጡ፣ ከምግብ በኋላና በተለይ ሲተኙ ይድገሙት። ቫዝሊኑ እርጥበቱን ይዞ ያቆያል፤ ምራቁም ቆዳውን እንዳይነካ ይከላከላል። የተላጠውን ቆዳ አይንጩት። ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙናና የሚያቀዘቅዝ ወይም ጣዕም ያለው የከንፈር ቅባት ይተዉ፤ ጣፋጭ ሽታ ያለው ሁሉ ልጁን ለልሰት ይጋብዘዋል። ቅመም ያለው ቅቤም ቁስሉን ያቃጥላል። ነፋስ ሲበረታ አፍን በነጠላ ወይም በሻሽ መሸፈን ይጠቅማል። በዚህ መንገድ አብዛኛው በ2 ሳምንት ገደማ ይሻለዋል።

በ2 ሳምንት ካልተሻለ መንስኤው ሌላ ሊሆን ይችላል። የአፍ ማዕዘን ብቻ ሲሰነጠቅ ፈንገስ ወይም የደም ማነስ ሊኖር ስለሚችል ምርመራ ያሻዋል። ቀድሞ እየቆጠቆጠ ቀጥሎ ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን እብጠቶች በአንድ ቦታ ከወጡ በተለምዶ «ምች» የምንለው ነው። መንስኤው ፀሐይ ሳይሆን ቫይረስ ነው፤ ፀሐይ ግን ሊቀሰቅሰው ይችላል። ይተላለፋልና እስኪድን ድረስ ሕፃናትን ከመሳም፣ ኩባያም ከመጋራት ይቆጠቡ።

ሌላው ጥንቃቄ ለአዋቂዎች ነው። በታችኛው ከንፈር ላይ ከ3 ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ወይም የሚደማ ሻካራ ቦታ ካለ በደጋው ጠንካራ ፀሐይ ለዓመታት የዋሉ ሰዎች ሊታዩት ይገባል፤ አንዳንዴ የካንሰር መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ሰፊ ባርኔጣ ማድረግ ለከንፈርም ጥላ ነው። ማር የመሰለ ቅርፊት፣ መግል ወይም ትኩሳት ካለም ቫዝሊን ብቻውን ስለማይበቃ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።