«አይኤስኦ ሰርተፍኬት» ሲሏችሁ ቁጥሩን ጠይቁ

ሰሞኑን እዚህ ሐይቅ ዳር በየግድግዳው «አይኤስኦ እውቅና ያለው ሰርተፍኬት» የሚል የአጭር ሥልጠና ማስታወቂያ በዝቷል። የድሮ ተማሪዎቼም «ቲቸር፣ ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ትጠይቁኛላችሁ። እዚሁ ልመልስ።

አይኤስኦ ራሱ ለማንም ሰርተፍኬት አይሰጥም፤ ደረጃ ያወጣል፣ በቃ። ስለዚህ ቁጥሩን ጠይቁ። 9001 ካሏችሁ እሱ ስለ ድርጅቱ አሠራር ነው፤ ስለ እናንተ ችሎታ ምንም አይናገርም። የሰውን ብቃት ለሚያረጋግጡ ተቋማት የወጣው 17024 ነው።

17024 አለን ካሉ «ማን አክሬዲት አደረጋችሁ?» በሏቸው። እኛ አገር የኢትዮጵያ አክሬዲቴሽን አገልግሎት አለ፤ አሜሪካ ደግሞ አናብ የሚባለው። እውቅናው የሚሰጠው በጅምላ ሳይሆን ለተወሰነ የምስክር ወረቀት ነው። ኮምፕቲያን ውሰዱ፦ ኤ ፕላስና ሴኩሪቲ ፕላስ የአናብ እውቅና አላቸው፤ የኮምፕቲያ ስም ያለበት ወረቀት ሁሉ ግን አለው ማለት አይደለም። ዝርዝሩን ከአክሬዲት አድራጊው ድረ ገጽ እዩ፤ ፖስተር ላይማ ምን የማይጻፍ አለ!

እውቅና የሌለው ሁሉ አጭበርባሪ ነው እያልኩ አይደለም፤ ግዴታ አይደለምና። የሌለውን አለኝ የሚለው ነው ችግሩ።

«እኛ ጋ ከተማርክ ፈተናው ይቀልሃል» ካሉ ደግሞ ውጡ። ደረጃው እንዲህ ማለትን ይከለክላል። አሠልጣኙ ራሱ ፈታኝ፣ ገንዘብ ተቀባዩም እሱ ከሆነ ማን ይወድቃል? ወረቀቱ ላይም መለያ ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን መኖር አለበት። «ዕድሜ ልክ ያገለግላል» ካሏችሁ 17024ን አላነበቡትም።