ሁሉም ጓያ በልቶ ሳለ ጥቂቱ ብቻ ለምን ሽባ ሆነ? የደላንታ ዳውንት የወረርሽኝ ምርመራ ያሳየው

በአንድ አካባቢ ብዙ ሰው በተመሳሳይ ሕመም ሲያዝ፣ ባለሙያ ከመድረሱ በፊት መንስኤው በሕዝቡ አፍ ይነገራል። አንዳንድ ጊዜ ግምቱ ትክክል ይሆናል። ሆኖም መንስኤውን ማወቅ ብቻውን ቀጣዩን ታማሚ አያድንም። ይህን በጉልህ ካሳዩት ምርመራዎች አንዱ በክልላችን፣ በሰሜን ወሎ ደላንታ ዳውንት የተካሄደው ነው። በዚያ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1999 ባሉት ዓመታት ከ2000 በላይ ሰዎች «ጓያ ሰበራቸው»። በጥቁር አፈር ላይ በዝናብ መውጫ እርጥበት የሚበቅለው ጓያ ለመርጡለ ማርያም፣ ለቢቸናና ለሞጣ ገበሬም እንግዳ ባለመሆኑ፣ ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል።

ሕመሙን ማረጋገጥ

የምርመራው የመጀመሪያ ሥራ ሕመሙ በእርግጥ የተባለው መሆኑን ማጣራት ነው። የጓያን ሽባነት በደም ምርመራ ማረጋገጥ ስለማይቻል፣ የሚለየው በአካል ምርመራና የታማሚውን የአመጋገብ ታሪክ በመጠየቅ ነው። ሁለቱም እግሮች ይገተራሉ፤ ታማሚው ሲራመድ ጉልበቶቹ ይጋጫሉ፤ ቆዳው ግን መንካትን አይስትም፣ አእምሮውም አይነካም። የፖሊዮ ሽባነት እግርን የሚያልፈሰፍስና የሚያሰልል በመሆኑ ይለያል። የአከርካሪ ነቀርሳ ደግሞ የጀርባ ሕመምና የእግር መደንዘዝ ያስከትላል። ይህ ማጣሪያ ከተዘለለ የተለያየ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በአንድ መዝገብ ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ንጽጽርም ይዛባል።

መቁጠርና መደርደር

ቀጥሎ «ታማሚ የምንለው ማንን ነው?» የሚለው በግልጽ ይወሰናል። በዚህ መለኪያ መሠረት ቤት ለቤት ይቆጠራል፤ ወደ ጤና ተቋም የመጡትን ብቻ መቁጠር መንገድ የራቀባቸውን ያስቀራል። የተቆጠሩት በጊዜ፣ በቦታና በሰው ይደረደራሉ። በደላንታ ዳውንት ሕመሙ የበረታው በምግብ እጥረት ወቅት፣ በደኸዩ ቤተሰቦች ዘንድ ሲሆን፣ ከፍተኛው አደጋ የታየው ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉ ወንዶች ልጆች ላይ ነበር።

ግምትን መፈተን

በገጠሩ ሕዝብ ዘንድ የጓያ እንፋሎት ወይም ገለባው ላይ መተኛት ሽባ ያደርጋል የሚል እምነት አለ። ተመራማሪዎች ግን ጉዳቱን የሚያያይዙት በፍሬው ውስጥ ካለው ኦዳፕ ከሚባለው መርዛማ ንጥረ ነገር ጋር ነው። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ ነርቭን ይጎዳል።

ነገር ግን ጓያን በድርቁ ወቅት ታማሚውም ጤነኛውም በልቶታል። ስለዚህ «ጓያ በልተሃል?» ብሎ መጠየቅ ሁለቱን አይለይም። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ታማሚዎችንና ጤነኞችን ጎን ለጎን አድርገው «በምን መልክ ነው የበላችሁት?» ብለው ጠየቁ። ልዩነቱም እዚህ ላይ ተገኘ። በቆሎ፣ በንፍሮና በጥሬ እሸት መልክ የበሉት ለሽባነት ይበልጥ ተጋልጠው ነበር። በእንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ መብላት ግን አደጋውን ሲጨምር አልታየም። ጓያን ከእህል ጋር ደባልቀው የበሉ፣ እንዲሁም ሽንኩርትና ዝንጅብልን የመሰለ ቅመም በገባበት ወጥ የበሉ ሰዎች አደጋቸው ቀንሶ ተገኝቷል።

የዚህ ዓይነቱ ንጽጽር ድክመት አለው። ሰው ከወራት ወይም ከዓመታት በፊት የበላውን በትክክል አያስታውስም፤ የታመመ ሰው ደግሞ ከጤነኛው ይልቅ የተጠረጠረውን ምግብ አጥብቆ ያስታውሳል። ስለዚህ መርማሪዎች ውጤቱ ስለ መርዙ ቀድሞ ከሚታወቀው ጋር መስማማቱን ያያሉ። በዚህ ጉዳይ ይስማማል፤ ጤፍን የመሰሉ እህሎች በጓያ ውስጥ እጅግ አናሳ የሆነውን ድኝ አዘል የፕሮቲን ክፍል ይይዛሉ።

ምክረ ሐሳብ መጻፍ

ምርመራው «ጓያ ሽባ ያደርጋል» ብሎ ቢያበቃ ኖሮ፣ ምክሩ «ጓያ አትብሉ» ከማለት ባላለፈ ነበር። ሌላ እህል የሌለው ገበሬ ይህን ምክር ሊፈጽመው አይችልም። ንጽጽሩ ግን ሊፈጸም የሚችል ምክር አስገኘ፦ የእርዳታ እህል በድርቁ መጀመሪያ ይድረስ፤ ጓያ ለብቻው ሳይሆን ከእህል ጋር ተደባልቆ ይበላ፤ በማሳ እሸት የሚበሉ፣ ቆሎና ንፍሮ የሚያዘወትሩ ልጆች ቅድሚያ ትኩረት ያግኙ።

የጊዜው ጉዳይ ከሁሉም ይበልጣል። ይህ ሽባነት አንዴ ከጸና የሚመልሰው መድኃኒት የለም፤ የሚከሰተውም ብዙውን ጊዜ ጓያ ዋና ምግብ ከሆነ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ነው። በመሆኑም የመጀመሪያው ምልክት፣ ማለትም የእግር መክበድ፣ የጡንቻ መኮማተርና ሲራመዱ መደናቀፍ፣ እንደታየ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማሳወቅ ያስፈልጋል። በአንድ መንደር እንዲህ ያለ ሁለተኛ ሰው ከታየ፣ የወረዳው ጤናና ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ቆጠራውንና የእህል አቅርቦቱን ጎን ለጎን መጀመር ይኖርባቸዋል። የምርመራው የመጨረሻ ገጽ እስኪጻፍ ከተጠበቀ፣ እህሉ የሚደርሰው እግሩ ከተሰበረ በኋላ ነው።