«በሬ ሁልጊዜ ክፍት ነው»፦ የአለቃ ስንብት ሲተረጎም ማን ይሰማል?

ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ካሉት የሸሚዝ ሼዶች በአንዱ የሆነ ነው። ከውጭ አገር የመጡት የምርት ሥራ አስኪያጅ ኮንትራታቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነው። አንድ ገጽ ተኩል የስንብት ንግግር በእንግሊዝኛ ጻፉ። ጽሑፉ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ለኤችአር ክፍል ተላከ። ከማስታወሻው ጋር የመጣው ትእዛዝ አንድ መስመር ነበር፦ «ለነገ በአማርኛ ይዘጋጅ»። ለማን እንደሚነበብ፣ በስንት ደቂቃ እንደሚነበብ፣ ሰሚዎቹ በቤታቸው ምን እንደሚናገሩ የጠየቀ የለም። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው የተባለች አንዲት የኤችአር ሠራተኛ ማታ ቤቷ ቁጭ ብላ ተረጎመችው። ላመሸችበት አንድ ብር አልተከፈላትም። ችግር ሲፈጠር ግን የመጀመሪያዋ ተጠያቂ እሷ ሆነች።

በማግስቱ ፈረቃ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ሠራተኛው መመገቢያ አዳራሽ ተሰበሰበ። ከኦፕሬተሮቹ አብዛኞቹ የሲዳማ ልጆች ናቸው፣ ቀጥሎ የወላይታ፤ ኦሮምኛም ጉራግኛም የሚናገሩ አሉ። ሰርቪሶቹ ሞተር አስነስተው ውጭ ቆመዋል። ንግግሩን እንዲያነብ የታዘዘው ደግሞ ተርጓሚዋ ሳትሆን አንድ ሱፐርቫይዘር ነበር፤ ወረቀቱን ያየው እዚያው ነው።

እንግዲህ «በሬ ሁልጊዜ ክፍት ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር የተነበበው በዚህ ሁኔታ ነው። ሰውዬው ለማለት የፈለጉት «ብትፈልጉኝ ደውሉልኝ» ነው። የግዕዝ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አይጽፍም። ጠብቆ ሲነበብ የእኔ በር ነው፣ ላልቶ ሲነበብ ደግሞ የሚያርሰው በሬ። ሱፐርቫይዘሩ አላልቶ አነበበው። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፣ ሥራ አስኪያጁም ሠራተኛው የተደሰተ መስሏቸው አብረው ሳቁ። ይኼ ቀላሉ ነው፣ ማንንም አልጎዳም። ግን እዚያ ወረቀት ላይ ሌላ ምን እንዳለ ይጠቁማል፤ ድምፅ ወጥቶበት አንድ ጊዜ እንኳ ያልተነበበ ጽሑፍ ነበር።

«በቀኑ መጨረሻ ዋናው እናንተ ናችሁ» የሚል ነበረበት። እንግሊዝኛው «ዞሮ ዞሮ» ማለቱ ነው። አማርኛው ግን ቀኑ ሲያልቅ ማለት ሆነ፤ ሰርቪስ ውጭ ለሚጠብቀው ሰው ደግሞ የቀኑ መጨረሻ አሁን ነው። በር ላይ በጥበቃ ሥራ ያረጁት አባት በስማቸው ተጠርተው ሲመሰገኑ «አንተ» ተባሉ፤ በእንግሊዝኛው አንድ ቃል ለሁሉም ስለሚሆን ተርጓሚዋ በሌሊት አላስተዋለችውም። አዳራሹ ዝም አለ። ሽማግሌውም አንገታቸውን ደፉ። ምስጋና ተብሎ የመጣው ነገር በሰው ፊት ስድብ ሆነ፣ የሚያስተካክለውም ሰው አልተነሣም።

ዋናው ጉዳት የደረሰው ግን በሁለት ዓረፍተ ነገሮች ነው።

የመጀመሪያው የትራንስፖርት አበል ጉዳይ ነው። ሥራ አስኪያጁ የጻፉት በጥንቃቄ ነበር፤ ጥያቄውን ለዋናው መሥሪያ ቤት እንዳቀረቡና በጎ መልስ እንደሚመጣ ተስፋ እንደሚያደርጉ። የአማርኛው ወረቀት ይህን «የትራንስፖርት አበላችሁ ጉዳይ ለዋናው መሥሪያ ቤት ቀርቦ ይስተካከላል» አደረገው። «ይስተካከላል» የሚለውን ቃል እስቲ ቀረብ ብሎ ማየት ነው። አድራጊ የለውም፤ ማን እንደሚያስተካክለው አይናገርም። ጊዜም የለውም፤ አማርኛ የዘወትሩንና የወደፊቱን በአንድ የግስ ቅርጽ ስለሚናገር ነገም ሊሆን ይችላል፣ የዛሬ ዓመትም። ተስፋ የሚለው ቃል ከወጣ በኋላ የቀረው እርግጠኝነት ብቻ ነው። በቢሮ ደብዳቤ የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ግስ ሲሰማ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል፣ ባዶ መሆኑን ያውቃል። ከገጠር በመጣች በሁለተኛ ዓመቷ ማሽን ላይ ያለች ልጅ ግን እንዲህ ዓይነቱን የቢሮ አማርኛ ከማን ትማረዋለች? አለቃ በሰው ፊት ይስተካከላል ካለ ተስተካከለ ማለት ነው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ በሚባልበት አገር የአለቃ ቃል እንደ ወረቀት ነው የሚያዘው።

ወር ደረሰ፣ የደመወዝ ወረቀት ወጣ፣ አበሉ እንደነበረው ነው። ሁለት ላይን ከጠዋት እስከ ምሳ ቆመ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ቃል የገባ ሰው አላውቅም አሉ፤ እውነታቸውን ነው። የሄዱትም ቃል አልገቡም። ቃሉን የገባው ትርጉሙ ነው።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ይብሳል። እንግሊዝኛው ለተተኪዬ፣ ለሚችል ሰው አስረክቤአችሁ እሄዳለሁ የሚል ስሜት ያለው የተለመደ የስንብት አነጋገር ነበር። በአማርኛ የተነበበው «በመልካም እጆች ውስጥ ትቻችሁ እሄዳለሁ» ነው። በዚያ ጫጫታ ውስጥ «በመልካም እጆች ውስጥ» የሚለው ለማንም ትርጉም አልሰጠም። ጆሮ ላይ የቀረው «ትቻችሁ እሄዳለሁ» ብቻ ነበር። ከኋላ የቆመች አንዲት የላይን መሪ አማርኛ ለማይሆንላቸው ልጆች ወደ ሲዳምኛ እያሳጠረች ትነግራቸው ነበር። ሦስተኛው ቋንቋ ላይ ሲደርስ ነገሩ «ትተውን ሊሄዱ ነው» ሆነ። ማን ነው የሚተወው፣ ሰውዬው ወይስ ፋብሪካው? እዚያ አዳራሽ ያለ ሰው ይህን ጥያቄ ከሰማይ አላመጣውም። ኢትዮጵያ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ወጥታለች፤ ፒቪኤች የተባለው ትልቅ የልብስ ኩባንያም በዚያው ዓመት ከሀዋሳው ፓርክ እንደሚወጣ አስታውቆ ነበር። ፋብሪካ ሲሄድ ያየ ሰው «ትቻችሁ» የሚለውን እንዴት እንዲሰማው ይጠበቃል?

በዚያ ሳምንት ሦስት ኦፕሬተሮች የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገቡ። ፋብሪካው ሳይዘጋ ቀድሞ ሌላ ቦታ መያዝ ይሻላል ብለው ነው። የዚህን ዋጋ በብር ሳይሆን በቀን ማስላት ይቻላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሦስት ዓመት የሠራች ልጅ ድርጅቱ በቋሚነት ቢዘጋ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ታገኛለች፤ ለተጨማሪው እያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 10 ቀን ይጨመርላታል። 50 ቀን ሆነ። መዘጋት ወይም የሠራተኛ ቅነሳ ስለሆነ የ60 ቀን ደመወዝ ደግሞ ይታከልበታል። በጠቅላላው 110 ቀን ነው። ከአምስት ዓመት በታች ሠርታ በራሷ ፈቃድ ስትለቅ ግን በተለመደው ሁኔታ የስንብት ክፍያ የላትም። እነዚያ ሦስት ልጆች የፈሩት ነገር እውነት ቢሆን ኖሮ እንኳ ዝም ብሎ መጠበቅ ይሻላቸው ነበር። እውነት አልነበረም፤ ፋብሪካው ዛሬም ሸሚዝ ይሰፋል። ሦስቱ ግን የሉም።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት መከላከያ ይመጣል። አንደኛው «ስንብት ሥነ ሥርዓት ነው፣ ማን ቃል በቃል ያዳምጠዋል» የሚለው ነው። ይህን የሚለው ደመወዙ በኢሜይል የሚነገረው ሰው ነው። ማሽን ላይ ላለ ሰው ከላይ ያለው አለቃ ፊት ለፊት የሚናገርበት ቀን በዓመት አንዴም ላይገጥም ይችላል። ሲገጥም እያንዳንዷ ቃል ትመነዘራለች፣ ማታ ዶርም ውስጥ ትደገማለች።

ሁለተኛው «አማርኛ ሁሉም ይሰማል» የሚለው ነው። የትኛውን አማርኛ? ላይን ላይ ሁሉም የሚሰማው አማርኛ አለ፤ ታርጌት፣ ኮሊቲ፣ ኦቨርታይም፣ «ስፌቱን ፍቺው»፣ «ሰዓት ስንት ነው»። ወረቀቱ ላይ የነበረው ደግሞ «የኃላፊነት ርክክብ»፣ «ባለድርሻ አካላት»፣ «የላቀ ውጤታማነት» ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ማታለል ነው። ሲዳማ በ2012 ክልል ከሆነ ወዲህ በዚያ ከተማ ሲዳምኛ የመንግሥት የሥራ ቋንቋ ነው፤ የአካባቢው ልጅ በገዛ ከተማዋ የምትሠራበት ቦታ በቋንቋዋ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳይናገራት «ሁሉም ይሰማል» ቢላት ቅር ቢላት አይገርምም። በሌላ ጫፍ ቆሞ አማርኛው ጨርሶ ይቅር የሚለውም ቢሆን የወላይታዋንና የጉራጌዋን ልጅ ረስቷል። አማርኛ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ድልድይ ነው፤ ድልድይ ከሆነ ደግሞ ማንም እንዲሻገርበት ዝቅ ብሎ መሠራት አለበት።

ሥራው ከባድ አይደለም፣ የሚጠይቀው ሁለት ቀንና የአንድ ሰው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው። ተርጓሚዋ መጀመሪያ ብዕር ይዛ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ መቀመጥ ነበረባት። ገንዘብ፣ ሥራና መዘጋት በሚነካ እያንዳንዱ ግስ ላይ ማን ነው የሚያደርገው፣ መቼ፣ ቃል ነው ወይስ ምኞት ብላ ትጠይቃለች። የአበሉ ዓረፍተ ነገር ያኔ እንዲህ ይወጣል፦ «አበል እንዲጨመርላችሁ ዋናውን መሥሪያ ቤት ጠይቄአለሁ። መልስ ገና አልመጣም። ቃል መግባት አልችልም።» ደረቅ ነው፣ አያስጨበጭብም። ግን ላይን አያቆምም።

ቀጥሎ ንግግሩን ማሳጠር ነው። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ እንግሊዝኛ በአማርኛ፣ ከዚያ በሲዳምኛ፣ ከዚያ በወላይትኛ ሲደገም ሃያ ደቂቃ ይሆናል፤ ሰርቪስ ሩብ ሰዓት ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል ይቀንሱት፣ የቀረውን በግድግዳ ላይ ይለጥፉት። ለላይን መሪዎቹም ወረቀቱ ከቀኑ በፊት ይሰጣቸው፤ ከኋላ ቆመው በሹክሹክታ እንዲገምቱ አይተዉ።

የመጨረሻው ፈተና ደግሞ ከአዳራሹ በፊት የሚደረግ ነው። አማርኛው ለአንዲት ኦፕሬተር ይነበብላትና ምን አሉ ተብላ በሲዳምኛ ትጠየቃለች። የነገረችው ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ለሰውዬው ይነገራቸዋል። «ትተውን ሊሄዱ ነው» ብትል ኖሮ ሥራ አስኪያጁ እዚያው ቢሯቸው ውስጥ ይደነግጡና ያስተካክሉት ነበር፦ «እኔ ወደ አገሬ እመለሳለሁ። ፋብሪካው የትም አይሄድም። ከሰኞ ጀምሮ አለቃችሁ እኚህ ናቸው።» ለዚህ የሚያስፈልገው አሥር ደቂቃ ነበር።