መውደቅም ሰዓት አለው

የእህቴ ልጅ ነርሲንግ ትማራለች። ሰሞኑን የተሰጣት የቤት ሥራ፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሚኖሩ አንዲት እናት ለመውደቅ ምን ያህል የተጋለጡ እንደሆኑ ለክታ የመከላከያ ዕቅድ እንድትጽፍ ነው። ነገሩ አዛውንት በቤታችን ይዘን ለምንኖረው ሁሉ ስለሚጠቅም ዛሬ እሱን ላጫውታችሁ።

እኚህ እናት 78 ዓመታቸው ነው። የደም ግፊትና የጉልበት ሕመም አለባቸው። በከዘራ ይሄዳሉ፣ አእምሯቸው ግን ንቁ ነው። ባለፉት ሁለት ወራት ሁለት ጊዜ ወድቀዋል።

ተማሪዋ የተጠቀመችው «የሞርስ መለኪያ» የሚባለውን ነው። ስድስት ጥያቄዎች አሉት። ከዚህ በፊት ወድቀዋል፣ 25 ነጥብ። ከአንድ በላይ ሕመም አለባቸው፣ 15። በከዘራ ይሄዳሉ፣ 15። እርምጃቸው አጭርና ደከም ያለ ነው፣ 10። በደም ሥራቸው የተሰካ ነገር የለም፤ አቅማቸውንም በትክክል ያውቃሉ፤ ሁለቱም ዜሮ። ድምሩ 65 መጣ። በብዙ ቦታ 45 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው በከፍተኛ ደረጃ ተጋላጭ ይባላል።

ከዚያ በታች ዕቅዷን ጽፋለች፦ «በቂ ክትትል ይደረግ፣ ሌሊት የአልጋው መከላከያ ብረት ከፍ ይበል፣ ብቻቸውን እንዳይሄዱ ይነገራቸው።»

«ልጄ፣ 65 ማን እንደሚወድቅ እንጂ ለምን እንደሚወድቅ አይነግርሽም» አልኳት። መለኪያው ስለሚወስዱት መድኃኒት፣ ስለ ጫማቸውና ስለ መብራቱ አይጠይቅም። ብረቱም ቢሆን ሽንት ያጣደፈውን ሰው አያቆመውም፤ ተሻግሮ ሲወርድ ከበለጠ ከፍታ ይወድቃል። አትሂዱ የተባሉ አዛውንት ደግሞ የእግራቸው ጡንቻ ቶሎ ስለሚሟሽሽ ይበልጥ ለመውደቅ ይጋለጣሉ።

የመውደቂያ መዝገቡን እንድታይ ነገርኳት። ሁለቱም ጊዜ ከሌሊቱ 10 እስከ 11 ሰዓት፣ ከአልጋ ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ነው። ቀጥሎ ግፊታቸውን ተኝተውም ቆመውም ለካች። አምስት ደቂቃ ጋደም ካሉ በኋላ 146 በ84 ነበር። በቆሙ በአንድ ደቂቃ 118 በ72 ሆነ፤ በሦስተኛው ደቂቃም ብዙ አልተመለሰም። ሰው ሲቆም የላይኛው ቁጥር 20 ወይም የታችኛው 10 ከቀነሰ አደገኛ ነው፤ ደም ለአፍታ ወደ አንጎል ስለሚያንስ ዓይን ይጨልማል፣ ራስ ይዞራል። የእሳቸው የላይኛው ቁጥር 28 ወርዷል።

የመድኃኒት ካርዳቸው ሲታይ ነገሩ ተገጣጠመ። ሽንት የሚያስወጣው የግፊት ኪኒን የሚሰጣቸው ከእራት በኋላ ነው። ሌሊት የሚቀሰቅሳቸው እሱ ነው፤ ሲነሡ ግፊታቸው እንዲወርድም ያግዛል።

አዲሱ ዕቅድ እያንዳንዱን ሥራ ከባለቤቱና ከሰዓቱ ጋር ይዟል። ነርሷ ልኬቱን ለሐኪሙ ታሳያለች፤ ኪኒኑ ወደ ጠዋት ይዛወር ወይም መጠኑ ይቀነስ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው፣ በራስ ማቆም የለም። የሌሊት ተረኛዋ ከመኝታ በፊትና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቀድማ ወደ ሽንት ቤት ታደርሳቸዋለች። ሲነሡ አልጋው ጠርዝ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ተቀምጠው፣ ቁርጭምጭሚታቸውን ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቅሰው፣ ከዚያ ተደግፈው ይቆማሉ። የሽንት ቤቱ መንገድ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ይኖረዋል። ቤተሰብ የላስቲክ ነጠላ ጫማቸውን ተረከዙ በተዘጋና ሶሉ በማያንሸራትት ጫማ ይለውጣል። ከዘራውም ረዝሞ ትከሻቸውን ወደ ላይ ይገፋ ስለነበር ተቆረጠ፤ ልኩ ክንድ ወደ ታች ሲንጠለጠል የእጅ አንጓ ላይ የሚደርሰው ነው።

ኪኒኑ ከተለወጠ ከአንድ ሳምንት በኋላ ተኝተውና ቆመው ግፊታቸው እንደገና ይለካል። ዳግም ከወደቁ ደግሞ ሰዓቱና ቦታው ተመዝግቦ ዕቅዱ ይከለሳል።

በቤታችሁ እናት ወይም አባት ከወደቁ ደብተር አውጡና ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ምን ሊያደርጉ ሲነሡ እንደነበርና የወሰዱትን ኪኒን ጻፉ፤ ሐኪሙ ዘንድ ስትሄዱ ይህንኑ ይዛችሁ ሂዱ። ወድቀው ስታገኟቸው ግን ብድግ ለማድረግ አትቸኩሉ። ብሽሽታቸውን ካመማቸው፣ አንዱ እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ ዳሌ ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል ሳታቆሟቸው አምቡላንስ ጥሩ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሆነው ጭንቅላታቸውን ከተመቱም፣ «ደኅና ነኝ» ቢሏችሁ እንኳ ወዲያውኑ ሐኪም ይያቸው።