ተበላሸ የተባለው ካሜራ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አክስቴ ቤት ስደርስ ስልካቸው በፌስታል ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። እሳቸውም ነጠላቸውን ለብሰው ሊወጡ ሲሉ ነው የደረስኩት። «ወዴት ነው እትዬ?» ብላቸው፣ «ጠጋኙ ዘንድ። ካሜራው ሞቷል፣ ድምፁም አይወጣም። 3,500 ብር ይሆናል ብሎኛል» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዱባይ ሆቴል ውስጥ የምትሠራው ልጃቸው ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው። እዚያ በዋትስአፕ መጻጻፍ እንጂ መደወል ስለማይቻል፣ እዚያ የሚሠራ ሌላ የቪዲዮ መደወያ አፕ እናቷ ስልክ ላይ እንዲጫን አድርጋለች። የጫነላቸው የጎረቤት ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ በደወለች ቁጥር አክስቴ እሷንም ሕፃኑንም ያያሉ፣ ድምፃቸውንም ይሰማሉ። ከዚያ በኩል ግን የሚታየው ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው። ሕፃኑ ሌሊት ሌሊት እየተኮማተረ አላስተኛ ሲላት እናቷን ልትጠይቅ ትደውላለች፤ አክስቴ «በሆዱ አስተኝተሽ ጭንሽ ላይ ጀርባውን አሽው» እያሉ ይጮኻሉ፤ ልጅቷ «እማዬ፣ አይሰማም፣ አይሰማም» ብላ ትዘጋዋለች። ይኼ ሦስት ጊዜ ተደጋገመ።

ስልኩን ከፌስታሉ አወጣሁና የራሱን ካሜራ ከፍቼ አክስቴን ቪዲዮ ቀረጽኳቸው። «ምን ልበል?» አሉ። ያሉትን መልሼ ስከፍትላቸው ምስሉም ድምፁም ጥርት ብሎ መጣ። ወደ ጠጋኝ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ሙከራ አድርጉ። አንድ አጭር ቪዲዮ ካሜራውንም ማይክሮፎኑንም በአንድ ጊዜ ይፈትናል። ስትደውሉ የሚያሳያችሁ የፊተኛው ካሜራ ስለሆነ መቅረጽ ያለባችሁ በእሱ ነው። ቪዲዮው ደህና ሆኖ በአንድ አፕ ብቻ የማይሠራ ከሆነ፣ የሚቀየር ዕቃ የለም። ስልኩ ያን አፕ እየከለከለው ነው ማለት ነው።

ለምን ይከለክላል? ማንኛውም አፕ ካሜራውን ወይም ማይክሮፎኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈልግ አንድሮይድ ባለቤቱን ይጠይቃል። ጥያቄው ስክሪኑ ላይ በትንሽ ሣጥን ብቅ ይላል፤ ከሥሩም ሦስት መልሶች አሉ፦ While using the app፣ Only this time እና Don't allow። የመጀመሪያው «አፑን እየተጠቀምኩበት ሳለሁ ይፈቀድለት» ማለት ነው፣ ሁለተኛው «ለአሁኑ ጊዜ ብቻ»፣ ሦስተኛው «አይፈቀድለትም»።

«እንዲህ የሚል ነገር መጥቶ ነበር?» አልኳቸው።

«መጥቶ ነበር እንጂ! ሪከርድ ላድርግ ወይ አለኝ። አይሆንም አልኩት። አንተ አይደለህ እንዴ ስልኩ ሲጠይቅሽ እምቢ በይ ያልከኝ?»

እኔ ነኝ። አምና አንድ የማያውቁት ሰው ደውሎ የባንክ ቁጥር ሲጠይቃቸው ደንግጠው ነግረውኝ፣ «ማንም ምንም ቢጠይቅዎት እምቢ ይበሉ» ብያቸው ነበር። እሳቸውም ምክሬን ሳያጎድሉ ፈጽመዋል። በዚያ ላይ ጥያቄው ራሱ ያስፈራል። ማይክሮፎኑን ሲጠይቅ «ድምፅሽን ለልጅሽ ላሰማ?» አይልም፤ record audio ነው የሚለው፣ ድምፅ ልቅረጽ እንደማለት። ለካሜራውም ፎቶ ማንሳትና ቪዲዮ መቅረጽ ይላል። አንድሮይድ ለመደወያም ሆነ ለድምፅ መቅጃ አንድ ዓይነት አባባል ስለሚጠቀም ነው እንጂ፣ መደወያው ያለ ማይክሮፎን ድምፅ ሊያስተላልፍ አይችልም።

ትልቁ ጉዳይ ቀጥሎ ያለው ነው። በቅርብ ዓመታት በወጡት አንድሮይዶች፣ ማለትም ከ2020 እ.ኤ.አ. ከወጣው 11ኛው ጀምሮ፣ ለአንድ አፕ ሁለት ጊዜ Don't allow ካላችሁት ስልኩ ሦስተኛ አይጠይቅም። «ቁርጡን ነግረውኛል» ብሎ መልሱን ያስቀምጣል። አይፎን ከዚህም ይብሳል፤ አንድ ጊዜ እምቢ ካሉት በቂው ነው። አክስቴ በመጀመሪያው ጥሪ እምቢ አሉ፣ በሁለተኛውም እምቢ አሉ፣ ከዚያ በኋላ ምንም ጥያቄ አልመጣም። ጥያቄው ስለጠፋ ነገሩን የሚያገናኝላቸው ምልክት አልነበረም፤ ካሜራው የሞተ መሰላቸው። አልፈርድባቸውም።

መልሱ የተቀመጠበት ቦታ ግን አለ፣ መቀየርም ይቻላል። የአፑን ምልክት በጣታችሁ ተጭናችሁ ያዙት፤ ትንሽ ዝርዝር ሲወጣ App info የሚለውን፣ ወይም በክብ ውስጥ ያለችውን i ንኩ። በሚከፈተው ገጽ ላይ Permissions የሚል አለ። በዚህ መንገድ ካልሆነላችሁ Settings ውስጥ ገብታችሁ Apps ብላችሁ አፑን ፈልጉት፤ እዚያው ገጽ ላይ ያደርሳችኋል። አክስቴ ስልክ ላይ Permissions ስከፍት ከላይ Allowed በሚለው ሥር አንድ ሁለት ነገር አለ፤ ከታች Not allowed በሚለው ሥር ደግሞ Camera እና Microphone ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። «ይኸው እስረኞቹ» አልኳቸው።

Camera የሚለውን ነክቼ Allow only while using the app የሚለውን መረጥኩ። አፑን ሙሉ በሙሉ ዘግቼ እንደገና ከፈትኩና ዱባይ ደወልን። «እማዬ! ታየሽኝ!» የሚል ጩኸት መጣ። አክስቴ ወሬ ጀመሩ፤ ልጅቷ ግን አሁንም ጆሮዋን እያሳየች «አይሰማም» ትላለች።

እዚህ ላይ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ችኮላ ነው። ካሜራና ማይክሮፎን የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው፤ አንዱን መፍቀድ ሌላውን አይፈታም። ስለዚህ የጎደለውን ነገር ማየት ብቻ የትኛው እንደተከለከለ ይነግራችኋል። ይሰሙናል ግን አያዩንም ካላችሁ ካሜራው ነው። ያዩናል ግን አይሰሙንም ካላችሁ ማይክሮፎኑ ነው። እኛ እነሱን ማየታችንና መስማታችን ምንም አያረጋግጥም፤ ስክሪኑና ድምፅ ማጉያው ፈቃድ አይጠየቅባቸውም። ተመልሼ Microphone የሚለውንም እንዲሁ አደረግሁ። በሁለተኛው ጥሪ አክስቴ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስለ ሕፃን ሆድ ሲያስረዱ እኔ ቡናዬን ጠጣሁ።

ሁለቱም ፈቃዶች ተፈቅደው ሳለ እንቢ የሚልበት ጊዜም አለ። ያኔ መጀመሪያ የጥሪውን ገጽ እዩ፤ የማይክሮፎኑ ወይም የካሜራው ሥዕል ላይ ጭረት ካለበት በጥሪው መካከል ጣት ነክቶት ዘግቶታል፣ መልሳችሁ ንኩት። በዚያው ሰዓት መደበኛ የስልክ ጥሪ ወይም ሌላ የቪዲዮ አፕ ክፍት ከሆነም ያንን ዝጉ። እነዚህ ካልሆኑ ስልኩን አጥፍቶ ማብራት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

አይፎን ያላችሁ Settings ውስጥ Privacy & Security ብላችሁ Camera የሚለውን ክፈቱ። ካሜራ የጠየቁ አፖች በሙሉ ተዘርዝረው ታገኛላችሁ፤ ጠፍቶ ያለውን ማብራት ነው። ለMicrophone እንዲሁ። አፑ ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ ከሌለ ገና አልጠየቀም ማለት ነውና፣ ከራሱ ከአፑ አንድ ጥሪ ሞክሩ፤ ያኔ ይጠይቃችኋል።

ከአክስቴ ቤት ሳልወጣ አንድ ነገር ጨምሬ አስተካከልኩ። ልጅቷ ወደ ሥራ ስትመለስ ጥሪው ሊራራቅ ይችላል፤ አንድሮይድ ደግሞ ለወራት ያልተከፈተ አፕ ሲያገኝ የሰጣችሁትን ፈቃድ በራሱ ይነጥቃል። ለጥንቃቄ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ለብዙው አፕም ደግ ነገር ነው። ለዓመት በዓል ብቻ ለሚከፈት መደወያ ግን አይመችም። በዚያው App info ገጽ ላይ፣ ወይም Permissions ውስጥ ከታች፣ አባባሉ ከስልክ ስልክ ቢለያይም if unused የሚሉ ቃላት ያሉበት ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ ለዚህ አንድ አፕ ብቻ አጠፋሁት።

አክስቴ ግን አንድ ጥያቄ ቀርቷቸው ነበር። «ታዲያ አሁን ሲጠይቀኝ ሁሉ እሺ ልበል?» አይደለም። ቀድሞ የሰጠኋቸው ምክር በጅምላ ስለነበረ ነው ያበላሸው፤ አሁን ደግሞ በጅምላ እሺ ቢሉ ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ አፑ ምን እንደሚሠራ ራሳቸውን እንዲጠይቁ ነገርኳቸው። ሰው የሚያነጋግር አፕ ካሜራና ማይክሮፎን ቢጠይቅ ሥራው ነው። ባትሪ የሚያበራ ወይም ሒሳብ የሚያሰላ አፕ ማይክሮፎን ከጠየቀ እምቢታቸው ትክክል ነው። ባሏት ሰዓት ያላመኑት ነገር ካለም Only this time አለላቸው፤ በሌላ ጊዜ እንደገና ይጠይቃል እንጂ አያኮርፍም።

«ዘግቼው ሳለሁ ቢቀዳኝስ?»

የመረጥነው «እየተጠቀምኩበት ሳለሁ ብቻ» የሚለውን ስለሆነ፣ አፑ ሲዘጋ ካሜራውን መክፈት እንደማይችል ነገርኳቸው። በቃል ብቻ አላመኑኝም። ስለዚህ ደግመን ደወልንና በስክሪኑ የላይኛ ቀኝ ጠርዝ ላይ የምትወጣውን አረንጓዴ ምልክት አሳየኋቸው። ከ12ኛው አንድሮይድ ጀምሮ አንድ አፕ ካሜራውን ወይም ማይክሮፎኑን ሲይዝ ያቺ ምልክት ትበራለች፣ ሲለቅ ትጠፋለች። መነጽራቸውን አድርገው ጥሪው እስኪዘጋ አፍጥጠው ጠበቁ። ጠፋች።

«እሺ» አሉ፤ ነጠላቸውን አውልቀው ፌስታሉን አጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ሰኞ ማታ ደወሉልኝ። ሕፃኑ መተኛት ጀምሯል፤ አረንጓዴዋም በሰዓቷ ጠፍታለች።