ኩባንያው አትርፎ አክሲዮኑ ለምን ይወድቃል?

በቴሌግራምና በቲክቶክ አክሲዮን ግዙ የሚሉን ሰዎች አንድ የሚወዱት ምክር አላቸው። «ይህ ኩባንያ ነገ የሩብ ዓመት ትርፉን ያሳውቃል፤ ትርፉ ጥሩ ስለሚሆን ዛሬ ማታ ገዝታችሁ ነገ ሽጡ» ይላሉ። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ችግሩ ግን ዋጋው የሚንቀሳቀሰው በዚያ ምክንያት አለመሆኑ ነው። ከደመወዟ የተረፈውን ገንዘብ ለቀናት ብቻ አስገብታ ማውጣት የምትፈልግ እህት የትርፍ መግለጫ በሚወጣበት ሌሊት አክሲዮን ይዛ ማደር የለባትም ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴን ሁላችንም በምናውቀው ኩባንያ ላስረዳ፤ ብዙዎቻችሁ በምትሠሩበት ቤት ልጆቹ ከፊቱ የማይነሱለት ኔትፍሊክስ ነው።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 19 ቀን 2022 ኔትፍሊክስ የዓመቱን የመጀመሪያ ሦስት ወራት ውጤት አሳወቀ። ኩባንያው አልከሰረም። በሦስት ወር ውስጥ ወደ 1.6 ቢሊዮን ዶላር የተጣራ ትርፍ አግኝቷል። ተንታኞች በአንድ አክሲዮን 2.89 ዶላር ያተርፋል ብለው ገምተው ነበር፤ እሱ 3.53 አተረፈ። በቲክቶኩ ምክር ብንሄድ አክሲዮኑ በማግስቱ መውጣት ነበረበት። የሆነው ግን ሌላ ነው። ገበያው ሲዘጋ 348 ዶላር ከ61 ሳንቲም የነበረው አክሲዮን በማግስቱ መዝጊያ ላይ 226 ዶላር ከ19 ሳንቲም ሆነ። በአንድ ቀን 35 በመቶ ወደቀ ማለት ነው።

ምን ተገኘ ቢባል መልሱ የደንበኛ ቁጥር ነው። ኩባንያው ራሱ በጥር ወር 2.5 ሚሊዮን አዲስ ደንበኛ እጨምራለሁ ብሎ ነበር። መግለጫው ሲወጣ ግን ጭማሪ ቀርቶ 200 ሺህ ደንበኛ አጥቷል። ከሩሲያ በመውጣቱ ብቻ 700 ሺህ ሰው እንደጎደለበት ቢያስረዳም፣ ያንን መልሰን ብንደምርለት እንኳ ጭማሪው ከ500 ሺህ አያልፍም፤ ቃል ከገባው አንድ አምስተኛ ነው። ከዚህ የባሰው በዚያው ደብዳቤ ውስጥ የነበረ አንድ አረፍተ ነገር ነው። በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ሌላ 2 ሚሊዮን ደንበኛ አጣለሁ ብሎ ተነበየ። ገበያውን ያስደነገጠው ያለፈው ሳይሆን ይኸኛው ነው።

አሁን ሦስት ወር ወደፊት እንሂድ። በሐምሌ ኔትፍሊክስ 970 ሺህ ደንበኛ እንዳጣ ተናገረ። ከሚያዝያው አምስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። አክሲዮኑ ግን በማግስቱ ከ7 በመቶ በላይ ወጣ። ለምን? 2 ሚሊዮን ይጎድላል ተብሎ ተጠብቆ የጎደለው ከግማሽ በታች ስለሆነ ነው። አንደኛ ትወጣለች የተባለች ልጅ ሦስተኛ ስትወጣ ቤቱ ዝም ይላል፤ ትወድቃለች የተባለችው ተንጠልጥላ ስታልፍ ግን ቡና ይፈላላታል። የአክሲዮን ዋጋም እንዲሁ ነው። ሰዎች የጠበቁት ነገር መግለጫው ከመውጣቱ በፊት ዋጋው ውስጥ ገብቶ አልቋል። መግለጫው ሲወጣ ዋጋውን የሚያንቀሳቅሰው በተጠበቀውና በመጣው መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከዚያ ሁሉ ቁጥር መካከል ደግሞ የቱ ልዩነት እንደሚገንን ቀድሞ ማወቅ ከባድ ነው። በሚያዝያ ትርፉን ብቻ ያየ ሰው ተሳስቷል።

በዚህ የሚሸወደው ጀማሪ ብቻ አይደለም። ታዋቂው አሜሪካዊ ባለሀብት ቢል አክማን በጥር ወር አክሲዮኑ ሲረክስ 3.1 ሚሊዮን ያህል ገዝቶ ነበር። ከሚያዝያው መግለጫ በኋላ ሁሉንም ሸጦ ወጣ። ኪሳራው ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር እንደደረሰ በሰፊው ተዘግቧል። እሱ ግን የወር ደመወዙን አይደለም ያጣው።

«ችግር የለም፣ ስቶፕ ሎስ አድርጊ» የሚሉም አሉ። ስቶፕ ሎስ ማለት ዋጋው ይህን ያህል ከወረደ ሽጥልኝ ብሎ አስቀድሞ ማዘዝ ነው። በሌላ ቀን ይጠቅማል፤ በዚህ ሌሊት ግን አያድንም። ኔትፍሊክስ መግለጫውን ያወጣው የኒውዮርክ ገበያ ከተዘጋ በኋላ ነው። ያን ጊዜ በሪያድ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 5 ሰዓት፣ በዱባይ 6 ሰዓት ነበር፤ ብዙዎቻችን ደክሞን የምንተኛበት ሰዓት። መደበኛው ገበያ እስኪከፈት ድረስ ብዙ ጊዜ ትእዛዙ አይሠራም። በማግስቱ ሲከፈት ዋጋው ቀስ እያለ አልወረደም። ከ348 ዘሎ 245 ዶላር ገደማ ላይ ተከፈተ። በመካከል ያሉት ዋጋዎች በመደበኛው ገበያ ጨርሶ አልታዩም።

በገንዘብ እንየው። አንዲት እህት በ348 ዶላር፣ ማለትም ወደ 1,300 ሪያል ወይም ድርሃም፣ አንድ አክሲዮን ገዝታ 330 ላይ ስቶፕ ሎስ አደረገች እንበል። ቢበዛ 18 ዶላር አጣለሁ ብላ ተኛች። ትእዛዟ የተፈጸመው 245 አካባቢ ነው፤ የጎደለባት 103 ዶላር ነው። ሌቨሬጅ በሚሉት የደላላ ብድር አምስት እጥፍ አድርጋ ቢሆን ኖሮ በዚያው ብር አምስት አክሲዮን ትይዝ ነበር። ኪሳራዋ 515 ዶላር ይሆናል፤ ካስገባችው 348 ይበልጣል። አንዳንዱ ደላላ ሂሳቡን ዜሮ ላይ ያቆመዋል፤ አንዳንዱ ውል ግን ቀሪውን ዕዳ ያደርገዋል። ያንን አንቀጽ የሚያነብ ስንት ሰው አለ?

አክሲዮኑን ሳትሸጥ የጠበቀች ሰው ኋላ ላይ አተረፈች የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። በ2024 ኔትፍሊክስ ከ700 ዶላር በላይ ወጥቷል። ግን ያ የሁለት ዓመት ትዕግሥት ነው። በብድር የያዘችው በመጀመሪያው ጠዋት ተባርራለች። ለልጅ የትምህርት ክፍያ የሚላክ ገንዘብ ያስገባችውም ሁለት ዓመት አትጠብቅም። በሳምንት ልግባና ልውጣ የሚል ሰው የረጅም ጊዜ ባለቤትን ታሪክ መጽናኛ ሊያደርገው አይችልም።

ይህን ሥራ የግድ እሞክራለሁ የምትል ካለች፣ እኔ የምላት መግለጫው ከመውጣቱ በፊት ወጥታ ከወጣ በኋላ እንድትመለስ ነው። ቀኑ ምስጢር አይደለም፤ ኩባንያዎች ለባለሀብቶች ባዘጋጁት ድረ ገጽ ላይ ቀድመው ያስታውቃሉ። የመግለጫው ዕለት ገበያው ሳይዘጋ እጅን ባዶ ማድረግ ነው። መግለጫው ሲወጣም የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች መተው ይሻላል። ቁጥሩን በሰከንዶች አንብበው የሚገዙና የሚሸጡት ኮምፒውተሮች ናቸው፤ ገዢና ሻጭም በዚያ ሰዓት ጥቂት ስለሆነ የመግዣና የመሸጫ ዋጋ ይራራቃል። ትርፉን ዓይቶ ወደ ላይ የዘለለ አክሲዮን ከአንድ ሰዓት በኋላ ኃላፊዎቹ ስለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሲጠየቁ ሊገለበጥ ይችላል።

ከዚያ በማግስቱ ረጋ ብሎ ሦስት ነገር ማየት ነው፦ ምን ተጠብቆ ነበር፣ ምን መጣ፣ ኩባንያው ስለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ምን አለ። «ግዙ» ብሎ መልእክት የላከላችሁን ሰውም የመጀመሪያውን ጠይቁት። የተጠበቀውን ቁጥር ሊነግራችሁ ካልቻለ ዋጋው በየት በኩል እንደሚሄድ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።